ባለቤት የሌለው ቀስት፦ ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ ተማሪው ይዞት የሚመጣውን ሐሳብ ቀድሞ ማወቅ

ጥያቄ፦ «ጎንደር ከተማ 9ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። ልጆቹ የኒውተንን ሕጎች በቃላቸው ይወጧቸዋል፣ F = ma ንም ያሰላሉ። ግን ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ላይ ያለውን ኃይል ሳሉ ስላቸው ከግማሽ በላይ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ያደርጋሉ። አርሜ ደግሜ ባስረዳም ፈተና ላይ ያው ቀስት ይመለሳል። ትምህርቱን ሳዘጋጅ ይህን እንዴት ቀድሜ ልያዘው? ገብቷቸው እንደሆነስ በመሃል በምን ላጣራ? 62 ተማሪ ነው፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፣ ቤተ ሙከራ የለንም።»

ምላሽ፦

ያ ወደ ላይ የሚሳለው ቀስት እንዲሁ በግምት የመጣ አይደለም። ተማሪው በሐቀኝነት እየመለሰ ነው፤ የሚመልሰው ግን እርስዎ ያልጠየቁትን ጥያቄ ነው። እርስዎ «አሁን፣ በዚህች ቅጽበት ኳሷን ምን እየገፋት ወይም እየሳባት ነው?» ብለው ሲጠይቁ እሱ የሚሰማው «ኳሷ ወደ ላይ የሄደችው በምን ምክንያት ነው?» የሚለውን ነው። ለዚህኛው ደግሞ መልሱ ልክ ነው፤ እጅ ወርውሯታል። ስለዚህ ቀስቱ ላይ ኤክስ ቢያደርጉበት ልጁ ልክ መሆኑን ስለሚያውቅ ሐሳቡን አይለቅም፤ ለእርስዎ ሲል ብቻ ለጊዜው ይተወዋል። ፈተና ላይ የሚመለሰውም ለዚህ ነው።

ከቀስቱ በስተጀርባ አንድ ያልተነገረ ሕግ አለ፦ የሚሄድ ነገር ሁሉ ወደሚሄድበት አቅጣጫ የሚገፋው ኃይል አብሮት አለ፣ ያ ኃይል ሲያልቅ ይቆማል። ይህን ሕግ ልጁ ከመጽሐፍ አላገኘውም። ጋሪ የሚሄደው ፈረሱ እስከጎተተው ድረስ ነው፤ ገና ሲጫወቱ ሩሯን በዱላ ሲመቷት ሜዳው ላይ ትንከባለልና ትቆማለች። ቋንቋችንም ይደግፈዋል፤ «ኳሷ ጉልበት የላትም»፣ «ጉልበቷ አለቀ» እንላለን። በነገራችን ላይ ይህ ሐሳብ የሰነፍ ሐሳብ አይደለም። በ6ኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያው ዮሐንስ ፊሎፖኖስ፣ በ14ኛው መቶ ዘመን ደግሞ የፓሪሱ ዣን ቡሪዳን ወርዋሪው ለተወርዋሪው የሚያስተላልፈው ነገር አለ ብለው በጥንቃቄ አስተምረዋል። ኒውተን ሕጎቹን እ.ኤ.አ. በ1687 እስኪያሳትም ድረስ ትልልቅ አእምሮዎች የደከሙበትን ነገር የ15 ዓመት ልጅ በአንድ ማብራሪያ እንዲጥለው መጠበቅ አይገባም።

እንግዲህ ዝግጅቱን ከዓላማ ሳይሆን ከተሳሳቱ መልሶች ይጀምሩ። ከክፍሉ በፊት ባለው ምሽት አንድ ጥያቄ ብቻ ይምረጡና ተማሪ ሊመልስ የሚችለውን ሁሉ ከነምክንያቱ ይጻፉ። ለኳሷ ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት አራት ናቸው፤ እነሱን እንዳሉ ወደ ምርጫ ይለውጧቸው።

ኳስ ወደ ላይ ተወርውራ እጅን ለቃለች፣ ገና እየወጣች ነው። አየርን እንተወውና፣ ኳሷ ላይ ያለው ኃይል የቱ ነው?

1) ወደ ላይ የሚገፋት ኃይልና ወደ ታች የሚስባት ክብደቷ፤ የላይኛው ይበልጣል
2) ወደ ላይ የሚገፋት ኃይል እየቀነሰ ይሄዳል፣ ጫፍ ላይ ስትደርስ ከክብደቷ ጋር እኩል ይሆናል
3) ወደ ታች የሚስባት ክብደቷ ብቻ
4) ስትወጣ ክብደቷ አይሠራም፤ የምድር ስበት የሚጀምረው ስትመለስ ነው

ምርጫዎቹን በቁጥር ያደረግኋቸው በጣት ለማሳየት እንዲመች ነው። ዋናው ነገር ግን እያንዳንዱ የተሳሳተ ምርጫ የሚናገረው ነገር መኖሩ ነው። 1ን የመረጠ ልጅ «የሚሄድ ሁሉ ይገፋል» የሚለውን ሕግ በቀጥታ ይዟል። 2ን የመረጠው ያንኑ ሕግ ይዞ «ጉልበቷ አለቀ» የሚለውን ጨምሮበታል፤ ጎበዝ የሚባሉት ልጆች በብዛት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ሙሉ ታሪክ ይመስላል። 4ን የመረጠው ችግሩ ከስበት ጋር ነው። ማንም የማይመርጠው አስቂኝ ምርጫ ካስገቡ ግን ጥያቄው ከአራት ወደ ሦስት ወረደ ማለት ነው፤ መረጃም አይሰጥዎትም።

አሁን ወደ 40 ደቂቃዋ። ጥያቄውን ክፍል ሳይገቡ ወይም ስም ሲጠራ ሰሌዳ ላይ ይጻፉት። ተማሪዎቹ አንድ ደቂቃ ዝም ብለው ያስቡ፣ መልሳቸውን ደብተር ላይ ይጻፉ፣ ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ ሁሉም ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አስጠግተው ያሳዩ። ደረት ላይ መሆኑ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን እጅ ወደ ላይ ከተነሣ ከኋላ ያሉት የጎበዙን ጣት አይተው ይለውጣሉ፣ እርስዎም የሚቆጥሩት የአንድን ልጅ መልስ ስልሳ ጊዜ ይሆናል። ቁጥሩን በግምት በየረድፉ ይያዙት። በዚህ ጊዜ ትክክሉን አይናገሩ፤ ራስዎንም አይነቅንቁ፤ ልጆች ከጥያቄው ይልቅ የመምህራቸውን ፊት ያነባሉ።

ቁጥሩን ሲያዩ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አራት ምርጫ ባለበት ጥያቄ ማንም ምንም ባያውቅ እንኳ ሩቡ ያህል በዕድል ያገኘዋል፤ ከ62 ወደ 15 ይሆናል። ስለዚህ 15 ወይም 18 ልጅ 3ን ስላሳየ «የገባቸው አሉ» ብሎ መደሰት አይቻልም።

ቀጥሎ የሚመጣው ሙከራ የሚያስፈልገው አንዲት ብይ፣ መሃሉ ቦይ ያለው ማስመሪያ፣ አንድ ወፍራም ደብተር፣ ጋቢና ጆንያ ነው። የማስመሪያውን አንድ ጫፍ ደብተሩ ላይ ያስደግፉ፣ ብይዋን ሁልጊዜ ከአንድ ምልክት ላይ ሳይገፉ ይልቀቋት። መጀመሪያ ጋቢ ላይ፣ ቀጥሎ ጆንያ ላይ፣ በመጨረሻ ባዶው ሊሾ ላይ። ከመልቀቅዎ በፊት «የት ትቆማለች?» ብለው ደብተር ላይ ያስጽፏቸው፤ ግምቱን ያልጻፈ ልጅ ውጤቱን ሲያይ «እኔም ይህን ነበር ያሰብሁት» ይላል፣ ከሐሳቡ ጋርም አይጋጭም።

ሁለት ነገሮች ያበላሹታል። አንደኛው፣ ብይዋ ከማስመሪያው ጫፍ ስትወርድ ከነጠረች ሦስቱም ሩጫዎች የተለያየ ጅምር ያገኛሉ፤ የማስመሪያው ጫፍ ከምንጣፉ ጋር ልክ እንዲገጥም ጋቢውን ከጫፉ ሥር ትንሽ ያስገቡት። ሁለተኛው የወለሉ ዘንበል ማለት ነው። ሊሾ ቀጥ ያለ ይመስላል እንጂ ብይ ታጋልጠዋለች፤ ያንኑ ሩጫ ከተቃራኒው አቅጣጫ ያድርጉትና ርቀቱ በጣም ከተለያየ ሌላ ቦታ ይምረጡ። ሁለቱንም ከክፍል በፊት ይሞክሯቸው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጁም።

ብይዋ ጋቢው ላይ ቶሎ ትቆማለች፣ ጆንያው ላይ ትንሽ ራቅ ትላለች፣ ሊሾው ላይ ግድግዳ እስኪመልሳት ትሄዳለች። አሁን የሚጠየቀው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ከማስመሪያው ስትወጣ በሦስቱም ጊዜ እኩል ነበረች?» ከአንድ ከፍታ ስለተለቀቀች እኩል ነበረች ይላሉ። «አብሯት የሄደ ኃይል ኖሮ እሱ ሲያልቅ ከሆነ የምትቆመው፣ በሦስቱም እኩል ሄዳ መቆም አልነበረባትም?» እዚህ ላይ ዝምታ ይመጣል፤ ዝምታውን አይሙሉት። የሚያስቆማት ከራሷ የሚያልቅ ነገር ሳይሆን ከወለሉ የሚመጣ ኃይል መሆኑን ከልጆቹ አንዱ ይናገረዋል። «ከሊሾውም የለሰለሰ ቢሆንስ? ፍጹም ልስልስ ቢሆንስ?» የሚለውን ብቻ ይጨምሩ፤ የመጀመሪያውን ሕግ እነሱ ይጨርሱት።

እዚህ ቦታ ላይ የቃል ጉዳይ ሳይነሣ አይቀርም። አንዱ ልጅ «ግን እኮ ኳሷ ጉልበት አላት፤ ብትመታኝ ያመኛል» ይላል። «ምንም የላትም» ብለው አይመልሱለት፣ ምክንያቱም አላት። ልጁ በጉልበት የሚጠራው ነገር በፊዚክስ ሞመንተም ወይም የእንቅስቃሴ ኢነርጂ የምንለው ነው፤ ኳሷ ይህን በእርግጥ ይዛ ትሄዳለች። የማትይዘው ኃይልን ነው። ኃይል በኪስ የሚያዝ ሳይሆን በሁለት ነገሮች መካከል የሚሆን ነው፤ አንዱ ሌላውን ሲገፋ ወይም ሲስብ ብቻ ይኖራል። የልጁን ሐሳብ ከመንጠቅ ይልቅ ትክክለኛ ስሙን ሰጥተው ቦታውን ማሳየት ይሻላል።

ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ አንድ ነው፣ ሰሌዳው ጥግ ላይ ጽፈው ይተውት፦ ባለቤት የሌለው ቀስት አይሳልም። እያንዳንዱ ቀስት አጠገብ «ማን፣ በማን ላይ» ተብሎ ይጻፍ፤ «ምድር በኳሷ ላይ»፣ «ወለል በብይዋ ላይ»። የሚነካት ወይም እንደ ምድር ከሩቅ የሚስባት ነገር ስሙ ካልተጠራ ቀስቱ ይሰረዛል። ወደ ላይ የሚሳለው ቀስት ይህን በር አያልፍም። ልጁ «እጅ በኳሷ ላይ» ብሎ ሲጽፍ እጁ ከኳሷ አንድ ሜትር በታች እንደቀረ ራሱ ያያል፤ «የመወርወሩ ኃይል» ብሎ ሲጽፍ ደግሞ መወርወር ድርጊት እንጂ አካል እንዳልሆነ ጎኑ የተቀመጠው ያርመዋል።

ደንቡ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ልጁ ደንብ ስለሆነ ብቻ ሊታዘዘው ይችላል። ቁጥሩ ራሱ እንዲናገር ያድርጉ። 0.2 ኪሎግራም የሆነች ኳስ በ6 ሜትር በሰከንድ ወደ ላይ ተወረወረች እንበል፤ g ን 10 እናድርግ። ክብደቷ 2 ኒውተን ነው። በየ0.2 ሰከንዱ ፍጥነቷን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ፦ 6፣ 4፣ 2፣ 0፣ −2፣ −4፣ −6። ከእጅ በላይ ያላት ከፍታ ደግሞ 0፣ 1.0፣ 1.6፣ 1.8፣ 1.6፣ 1.0፣ 0 ሜትር ይሆናል።

«ቁጥሮቹን መምህሩ ከቀመር አመጣቸው» እንዳይሉ በስልክ ማሳየት ይቻላል። አብዛኛው ስልክ በሰከንድ 30 ምስል ይቀርጻል፤ ስለዚህ 6 ምስል 0.2 ሰከንድ ነው። ግድግዳ ላይ በጠመኔ በየ20 ሳንቲሜትሩ ምልክት ያድርጉ፣ ኳሷን ግድግዳውን ታክካ እንድትወጣ ይወርውሯት፣ ስልኩን ራቅ አድርገው ይያዙት፤ ስልኩ ከቀረበ ወይም ኳሷ ከግድግዳው ከራቀች ምልክቱ ኳሷ ያለችበትን ቦታ አሳስቶ ያሳያል። በ6 ሜትር በሰከንድ በትክክል መወርወር አያስፈልግም። በምንም ፍጥነት ቢወረወር በየ0.2 ሰከንዱ የምትሄደው ርቀት ከቀደመው በ40 ሳንቲሜትር ገደማ ያንሳል። እላይ ባለው ምሳሌ 1.0፣ 0.6፣ 0.2 መሆኑን ይዩ። የካልሲ ኳስ ወይም ፌስታል ግን አይጠቀሙ፤ ቀላል ስለሆኑ አየሩ ያዛባዋል። ቴኒስ ኳስ ወይም ብርቱካን ይሻላል።

አሁን ምርጫዎቹን በዚህ ሠንጠረዥ ይፈትኗቸው። ምርጫ 1 እውነት ቢሆንና ወደ ላይ 3 ኒውተን ቢኖር፣ ክብደቷ 2 ሲቀነስ 1 ኒውተን ወደ ላይ ይተርፋል። 1 ኒውተንን ለ0.2 ኪሎግራም ሲያካፍሉት 5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር፣ ያውም ወደ ላይ ነው። ኳሷ ከ0.2 ሰከንድ በኋላ ከ6 ወደ 7 ትፈጥናለች ማለት ነው፤ ሠንጠረዡ ግን 4 ይላል። ምርጫ 2 ደግሞ የባሰ ችግር አለበት። የላይኛው ኃይል እየቀነሰ ሄዶ ጫፍ ላይ ብቻ ከክብደቷ ጋር እኩል የሚሆን ከሆነ፣ ጫፍ እስክትደርስ ድረስ የላይኛው ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ኳሷ እስከ ጫፍ ድረስ እየፈጠነች መሄድ ነበረባት፤ ከሁሉ የምትፈጥነውም ጫፉ ላይ ነው ማለት ነው! ይህን መስመር ቀስ ብለው ይሂዱበት። ልጆች 2ን ስህተት ነው ሲባሉ ሳይሆን 2 የት እንደሚያደርሳቸው ሲያዩ ነው የሚተውት።

ከዚያ ትክክለኛውን ያስሉ። ፍጥነቷ በየ0.2 ሰከንዱ በ2 ይቀንሳል፣ ስለዚህ ለውጡ በሰከንድ 10 ነው፤ F = ma = 0.2 × 10 = 2 ኒውተን፣ ወደ ታች። ይህ ልክ ክብደቷ ነው። ክብደቷ ብቻውን ሒሳቡን ሞልቶታል፤ ለሌላ ቀስት የተረፈ ቦታ የለም።

ሁለተኛው ማጣሪያ እዚህ ይግባ፣ ገና ሠንጠረዡ ሳይጠፋ፦ «ጫፍ ላይ፣ ፍጥነቷ ዜሮ በሆነበት ቅጽበት፣ ኃይሉ ስንት ኒውተን ነው? በጣት አሳዩ።» ይህ ጥያቄ የመጀመሪያውን በቃል የያዘውን ከገባው ይለያል። «ወደ ላይ ቀስት የለም» የሚለውን የቀዳ ልጅ እዚህ ላይ «ዜሮ» ይላል፤ ፍጥነትና ኃይል አሁንም ለእሱ አንድ ናቸውና። መልሱን ከመስጠት ይልቅ «ዜሮ ከሆነ፣ ቅድም ብይዋ ላይ ባያችሁት መሠረት የቆመ ነገር ኃይል ከሌለበት ምን ይሆናል?» ይበሏቸው። እንደቆመ ይቀራል፤ ኳሷ አየር ላይ ተንጠልጥላ መቅረቷ ነው። ወደ ሠንጠረዡ ይመልሷቸው፤ ከ2 ወደ 0፣ ከ0 ወደ −2፣ ለውጡ ጫፉ ላይ አላቋረጠም።

የዚህን መልስ ቁጥር አይተው መንገድዎን ይወስኑ። ትክክል የመለሱት ከሲሶ በታች ከሆኑ እርስ በርስ አያወያዩአቸው፤ የሚያስረዳ ሰው የሌለበት ውይይት የተሳሳተውን ያጸናል። ወደ ሠንጠረዡ ይመለሱና በሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ በ8 ሜትር በሰከንድ፣ እነሱ ራሳቸው እንዲሠሩት ያድርጉ። ከሲሶ እስከ ሁለት ሦስተኛ ከሆኑ ግን ለውይይት ምርጡ ጊዜ ይህ ነው። «የተለየ ጣት ያሳየ ጎረቤት ፈልጉና በሁለት ደቂቃ አሳምኑት» ብለው እንደገና ጣት ያሳዩ፤ ትክክሉንም ሆነ ስንት ሰው የቱን እንደመረጠ ከሁለተኛው ድምፅ በፊት አይንገሯቸው። ከዚያ በላይ ከሆኑ ይለፉ፤ የቀሩትን የመውጫ ወረቀቱ ይይዛቸዋል።

የመውጫ ወረቀቱ የመጨረሻዎቹ አራት ደቂቃዎች ሥራ ነው፣ ሩብ ወረቀት ይበቃል። እዚህ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት ያችኑ ወደ ላይ የተወረወረች ኳስ ደግሞ መጠየቅ ነው፤ እሱ የሚለካው ማስታወስን ነው። ኳሷን ወደ ጎን ይውሰዷት፦ ፋሲል ከነማ የማዕዘን ምት አገኘ፣ ኳሷ ከእግር ወጥታ ወደ ጎሉ አፍ ወደ ፊትና ወደ ላይ እየበረረች ነው፣ ማንም አልነካትም። አየርን ትተን ኳሷ ላይ ያለውን ኃይል ሁሉ ሳሉ፣ እያንዳንዱ ቀስት ላይ ማን በማን ላይ እንደሆነ ጻፉ። «ወደ ላይ ቀስት የለም» ብሎ ብቻ የያዘ ልጅ አሁን ወደ ፊት ቀስት ይስላል፤ የድሮው ሕግ ጎኑን ቀይሮ ተመለሰ ማለት ነው።

ወረቀቶቹን ማርክ አይስጧቸው፣ ይከምሯቸው ብቻ። ወደ ታች ብቻ የሳሉ አንድ ክምር፣ ወደ ፊትም የጨመሩ ሌላ ክምር፣ የተቀረው ሦስተኛ። 62 ወረቀት በአሥር ደቂቃ ያልቃል። ከዚያ ሁለተኛውን ክምር በቀስቱ ባለቤት ይለዩት፤ ብዙ መምህር የሚያልፈው ይህን ነው። «የምቱ ኃይል» ብሎ የጻፈ ልጅ ኃይል ከኳሷ ጋር ይጓዛል ብሎ ያምናል፤ ለእሱ ብይዋንና «አላት፣ ግን ስሙ ሞመንተም ነው» የሚለውን ይድገሙለት። «እግር በኳሷ ላይ» ያለው ችግሩ ጊዜ ላይ ነው፤ ምቱንና በረራውን አንድ ቅጽበት አድርጎ አይቷቸዋል። ለእሱ ሁለት ሥዕል ያስስሉት፣ አንዱ እግር ሲነካት፣ አንዱ ከለቀቃት በኋላ። «አየር በኳሷ ላይ» ብሎ አየሩ ከኋላ ይገፋታል ያለ ደግሞ ይኖራል፤ እሱ በእጁ ደብተር ዘርግቶ ሲሮጥ አየሩ ወዴት እንደሚገፋው ይሞክረው። ለሦስቱ አንድ ዓይነት ማብራሪያ መስጠት ሁለቱን መበደል ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ የዚሁ ሐሳብ በጣም አስቸጋሪ የሆነው መልክ ይመጣል፦ በእኩል ፍጥነት መሄድ። ባጃጅ አዘዞ አካባቢ ባለው ሜዳማ መንገድ በማይለወጥ ፍጥነት ቀጥ ብላ እየሄደች ነው። ወደ ፊት የሚገፋት ኃይል ከሚይዛት ይበልጣል፣ ያንሳል ወይስ እኩል ነው? ኳሷን በደንብ የመለሱት ሳይቀሩ እዚህ «ይበልጣል፣ አለዚያ እንዴት ትሄዳለች?» ይላሉ። ይህን በማብራሪያ ሳይሆን የእነሱን መልስ እስከ መጨረሻው በመከተል ይፍቱት። ከነተሳፋሪዋ 600 ኪሎግራም ትሁን፣ የሚይዛት 200 ኒውተን፣ የሚገፋት 500 ኒውተን ይሁን፣ ሁለቱም ሳይለወጡ ይቆዩ። የሚተርፈው 300 ነው፤ ለ600 ሲካፈል 0.5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር። ከቆመችበት ብትነሣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ 30 ሜትር በሰከንድ ትሄዳለች፣ ያ በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ነው። ልጆቹ ባጃጅ ያውቃሉ፤ ይህ እንደማይሆን ለመንገር መምህር አያስፈልጋቸውም። ስትነሣ የሚገፋው እንደሚበልጥ፣ ፍጥነቷ ሲረጋ ደግሞ ሁለቱ እንደተስተካከሉ ወደማለት ይመጣሉ። የጎንደር መንገድ አብዛኛው ዳገትና ቁልቁለት ስለሆነ ሜዳማ መሆኑን በጥያቄው ውስጥ መጻፍዎን አይርሱ፤ አለዚያ ልጁ የፒያሳን ዳገት እያሰበ «ይበልጣል» ቢል ሌላ ጥያቄ እየመለሰ ሊሆን ይችላል፣ እርስዎም ስህተቱ የቱ እንደሆነ ማወቅ አይችሉም።

ሁለቱ ክፍለ ጊዜዎች ጥሩ ቢሄዱም ሐሳቡ ጨርሶ አይጠፋም። አሜሪካዊው ጆን ክሌመንት እ.ኤ.አ. በ1982 ባሳተመው ጥናት ወደ ላይ የተጣለች ሳንቲምን ጥያቄ ለምህንድስና ተማሪዎች አቅርቦ ነበር፤ የሜካኒክስ ኮርስ ከወሰዱ በኋላም ብዙዎቹ ያንኑ ወደ ላይ የሚያመለክት ቀስት ስለዋል። ስለዚህ ከአንድ ሳምንት ወይም ከአሥር ቀን በኋላ፣ ርዕሱ ካለፈ በኋላ፣ ሳያስጠነቅቁ በዚሁ ሐሳብ ላይ አንድ ጥያቄ መልሰው ይጠይቁ። ጎንደር ላይ ለዚህ የሚሆን ነገር ሁሉም ልጅ አይቶታል፦ ለጥምቀት ከፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር ግድግዳ ላይ ወደ ውኃው የሚዘል ወጣት። አራት ቅጽበት ያስስሏቸው። እግሩ ግድግዳውን ለቆ ገና ወደ ላይ ሲነሣ፣ ጫፍ ላይ፣ ወደ ታች ሲወርድ፣ ውኃው ውስጥ ገብቶ ገና እየሰመጠ ፍጥነቱ ሲቀንስ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ዓይነት ሥዕል ናቸው፣ ወደ ታች አንድ ቀስት፣ ርዝመቱም እኩል፤ ልጁ ቀስቱን ወደ ታች ሲወርድ ካስረዘመው ኃይልን ከፍጥነት ጋር እንደገና እያምታታ ነው። እውነተኛው ማጣሪያ አራተኛው ነው። ውኃው ውስጥ ወጣቱ አሁንም ወደ ታች እየሄደ ነው፣ ነገር ግን ፍጥነቱ እየቀነሰ ስለሆነ የኃይሎቹ ድምር ወደ ላይ ነው፤ ውኃው በወጣቱ ላይ የሚያደርሰው ግፊያ ከክብደቱ ይበልጣል። እዚህ ላይ እንቅስቃሴው ወደ ታች፣ ድምሩ ወደ ላይ ነው፤ «የሚሄድ ወደሚሄድበት ይገፋል» ከሚለው ሕግ ጋር ፊት ለፊት የሚጋጭ ሥዕል ነው። ሦስቱን አግኝቶ አራተኛውን ወደ ታች ያስረዘመ ልጅ የበረራውን መልስ በቃል ይዟል፤ ለእሱ የሚበጀው ስለ ውኃ ተጨማሪ ማብራሪያ ሳይሆን የባጃጇ ጥያቄ ፍሬን ስትይዝ ተደርጎ እንደገና መጠየቁ ነው፦ ወደ ፊት እየሄደች ነው፣ የሚይዛት ደግሞ ከሚገፋት ይበልጣል፣ ቀስቶቹን ሳል፣ ባለቤቶቻቸውንም ጻፍ።